በአያት ማህፀን የታሰረ ቋጠሮ፦ ክሮሞዞሞች የሚለዋወጡት እንዴት ነው?

የወንድሜ ልጅ ባለፈው ቅዳሜ የ12ኛ ክፍል የባዮሎጂ ደብተሩን ይዞ መጣ። አንድ ሥዕል ላይ ጣቱን አሳርፎ «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። ሁለት ክሮሞዞሞች ናቸው፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ። መሃል ላይ እንደ ኤክስ ተጠላልፈዋል። ቀጥሎ ባለው ሥዕል የቀዩ ጫፍ ሰማያዊ፣ የሰማያዊው ጫፍ ቀይ ሆኗል። ከሥሩ «ክሮሲንግ ኦቨር» ይላል።

«ተነካኩና ተለዋወጡ ማለት ነው? በቃ?»

ችግሩ እዚያ «በቃ» ላይ ነው። ሥዕሉ ውሸት አይደለም። ግን መጀመሪያውንና መጨረሻውን አሳይቶ መሃሉን ይዘላል። ክሮሞዞሞች ዝም ብለው ተነካክተው አይለዋወጡም። ሴሏ በገዛ እጇ የራሷን ዲኤንኤ ትበጥሳለች፤ ልውውጡ የሚመጣው የበጠሰችውን ስትጠግን ነው። ደግሞ አብዛኛው ብጣሽ ተጠግኖ ያልፋል እንጂ ልውውጥ ላይ አይደርስም። የትኛው ይድረስ፣ የትኛው ይቅር የሚለው የት ላይ እንደሚወሰን ብዙ መጻሕፍት ለረጅም ጊዜ የሳሉት ደግሞ ትክክል አልነበረም። እኔም ተማሪ ሳለሁ የተማርኩት ያንኑ የድሮውን ነው።

ስለዚህ ሻይ አስቀርበን፣ ሁለት እስክሪብቶ አውጥተን ከመጀመሪያው ሳልነው። እዚህም እንደዚያው አደርጋለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የምርምር ዓመታት የፈረንጅ ናቸው።

ቀዩ የማን ነው?

መጀመሪያ አንድ ስህተት እናጥራ። ብዙ ተማሪ ልውውጡ በእናቱና በአባቱ ክሮሞዞሞች መካከል ተደርጎ እሱ የተወለደ ይመስለዋል። አይደለም። የወንድሜን ልጅ እንውሰድ። እናቱ ከእናቷ አንድ 21ኛ ክሮሞዞም፣ ከአባቷ ሌላ 21ኛ ክሮሞዞም ወርሳለች። እነዚህ ሁለቱ አቻ ክሮሞዞሞች ይባላሉ። በእሷ እንቁላል ውስጥ የሚለዋወጡት እነዚህ ናቸው። ስለዚህ በሥዕላችን ቀዩ የሴት አያቱ ነው፤ ሰማያዊው የወንድ አያቱ፣ ሁለቱም በእናቱ በኩል። አባቱ በዚህ ሥዕል ውስጥ የለም። እሱ የራሱን ልውውጥ በራሱ ዘር ሴሎች ውስጥ ለብቻው ነው የሚያካሂደው።

ሁለተኛው ነገር ጊዜው ነው። ወንድ ላይ ይህ ሥራ ከጉርምስና ጀምሮ ያለማቋረጥ ይካሄዳል። ሴት ላይ ግን የሚጀመረውም የሚያልቀውም ገና ፅንስ ሳለች ነው። ከሦስተኛው የእርግዝና ወር አካባቢ ጀምሮ በፅንሷ ኦቫሪ ውስጥ ያሉ ሴሎች ሚዮሲስን፣ ማለትም የዘር ሴል የሚሠራበትን ባለ ሁለት ዙር ክፍፍል፣ ይጀምራሉ። ክሮሞዞሞቻቸውን ያጣምራሉ፣ ይበጥሳሉ፣ ይጠግናሉ፣ ይለዋወጣሉ። ከዚያ ቀጥ ይላሉ። እንደዚያው ሆነው ሕፃኗ ትወለዳለች፣ ታድጋለች፣ ትማራለች፣ ታገባለች። አንዷ እንቁላል ሥራዋን የምትቀጥለው ከአሥራ ምናምን ወይም ከአርባ ዓመት በኋላ፣ ተራዋ ደርሶ ከኦቫሪ ልትወጣ ስትል ነው።

ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሥዕሉን እንሳል

ዲኤንኤን ባለ ሁለት ክር ገመድ አድርጋችሁ አስቡት። ከዚህ በኋላ «ገመድ» ስል ሙሉውን ዲኤንኤ፣ «ክር» ስል ከሁለቱ አንዱን ማለቴ ነው። ሚዮሲስ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ክሮሞዞም ስለሚባዛ በእርግጥ አራት ገመዶች አሉ፦ ሁለት ቀይ እህትማማቾች፣ ሁለት ሰማያዊ እህትማማቾች። በአንድ ልውውጥ የሚሳተፉት ግን አንድ ቀይና አንድ ሰማያዊ ብቻ ናቸው። የቀሩትን ሁለቱን ለጊዜው ከወረቀቱ አውጧቸው።

ደረጃ 1፣ መነሻው። ከላይ በቀይ ሁለት መስመር፣ ከታች በሰማያዊ ሁለት መስመር ሳሉ። ከላይ ወደ ታች ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብላችሁ ሰይሟቸው። እያንዳንዱ ክር አቅጣጫ አለው፤ አንዱ ጫፉ 5′፣ ሌላው 3′ ይባላል። የአንድ ገመድ ሁለት ክሮች ተቃራኒ አቅጣጫ ይዘው ይሄዳሉ።

```
ሀ  5′ ──────────────────── 3′   ቀይ
ለ  3′ ──────────────────── 5′   ቀይ

ሐ  5′ ════════════════════ 3′   ሰማያዊ
መ  3′ ════════════════════ 5′   ሰማያዊ
```

ሀ እና ሐ በጽሑፋቸው አንድ ዓይነት ናቸው ማለት ይቻላል፤ አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ይለያያሉ። ለ እና መም እንደዚሁ። ስለዚህ ሀ ከለ ጋር ብቻ ሳይሆን ከመ ጋርም መጣመር ይችላል። ሙሉ ታሪኩ የሚቆመው በዚህች ነጥብ ላይ ነው።

ደረጃ 2፣ ብጣሹ። ስፖ11 የሚባል ፕሮቲን ቀዩን ገመድ፣ ሀንም ለንም፣ አንድ ቦታ ላይ ይበጥሳል። ይህ ፕሮቲን ብጣሹን እንደሚሠራ በእርሾ የታወቀው በ1997 ነው። ቆርጦ ዝም ብሎ አይሄድም፤ በተቆረጡት ጫፎች ላይ ራሱ ተጣብቆ ይቀራል። ሌሎች ፕሮቲኖች መጥተው ከትንሽ የዲኤንኤ ቁራጭ ጋር አብረው ይነቅሉታል። ተመራማሪዎች እነዚያን ቁራጮች ለቅመው ፊደላቸውን በማንበብ ብጣሹ የት የት እንደደረሰ ያውቃሉ። ንጹሕ ስፖ11ን በሙከራ ቱቦ ውስጥ ዲኤንኤ እንዲቆርጥ ማድረግ ግን እስከ 2025 ድረስ አልተቻለም ነበር። ወደ 28 ዓመት የፈጀ ግትር ፕሮቲን ነው።

ከዚያ ከብጣሹ ግራና ቀኝ 5′ ያላቸው ጫፎች እየተበሉ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። 3′ ያላቸው ብቻ እንደ ጅራት ተንጠልጥለው ይቀራሉ። በሥዕሉ ላይ ግራው ጅራት ሀ ነው፤ ቀኙ ጅራት ደግሞ ለ።

```
ሀ  5′ ────────── 3′          ──── 3′
ለ  3′ ────          3′ ────────── 5′
```

ደረጃ 3፣ ፍለጋና ወረራ። ግራው ጅራት፣ ማለትም ሀ፣ ራድ51 እና ዲኤምሲ1 በሚባሉ ፕሮቲኖች ይለበሳል። የለበሰው ጅራት መሰሉን ፍለጋ ይወጣል። በእያንዳንዱ የሰው ክሮሞዞም ስብስብ ውስጥ ሦስት ቢሊዮን ያህል ጥንድ ፊደል አለ፤ ሁሉን አንድ በአንድ ማንበብ አያዋጣም። ስለዚህ አቋራጭ ይጠቀማል። በመጀመሪያ ስምንት ፊደል ብቻ ይሞክራል። ስምንቱ ካልገጠሙ ወዲያው ይለቃል። ከገጠሙ ይቆይና ሦስት ሦስት ፊደል እየጨመረ ይቀጥላል። ልክ ዘመድ ጠፍቶበት መርካቶ መሃል እንደሚፈልግ ሰው ነው። የሁሉን ፊት አያጠናም፤ የኮቱን ቀለም አይቶ ያልፋል፣ ኮቱ ከመሰለው ብቻ ዞሮ ፊቱን ያያል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሳት አለበት። እህትየዋ ቀይ ገመድ እዚያው አጠገቡ አለች፤ ፊደሏም ፍጹም አንድ ነው። ለምን ከእሷ አይገለብጥም? በሌላው የሰውነታችን ሴል የተበጠሰ ገመድ በመገልበጥ ሲጠገን የሚደረገው እንደዚያ ነው፤ ከእህት መገልበጥ ስህተት የለውም። በሚዮሲስ ግን ሴሏ እህትየዋን የሚከለክሉ ፕሮቲኖች ክሮሞዞሙ ላይ ትደረድራለች። ጅራቱ ሳይወድ በግዱ ወደ ሰማያዊው ይሄዳል። ይህ ድንገት የሆነ ነገር አይደለም፤ ሆን ተብሎ የተዘጋ በር ነው።

አሁን ሳሉት። ሀን ከቀዩ ገመድ ወደ ታች አውርዳችሁ በመ ላይ አስተኙት። መ ከዚህ በፊት የተጣመረው ከሐ ጋር ነበር። ስለዚህ ሐ ተፈናቅሎ ወደ ላይ እንደ ጉብታ ይነሳል። ይህን ጉብታ «ዲ-ሉፕ» ይሉታል፤ ቅርጹ የፈረንጁን ዲ ስለሚመስል።

ደረጃ 4፣ ሁለተኛው ጅራት። ሀ በመ ላይ ተኝቶ ወደ ቀኝ ይረዝማል፤ የጎደለውን ከመ እያነበበ ይጽፋል። እየረዘመ ሲሄድ የሐ ጉብታም ይሰፋል። ጉብታው ከላይ ያለው ክፍተት ዘንድ ሲደርስ ቀኙን ጅራት፣ ለን፣ ያገኘዋል። ሐ እና ለ ደግሞ ይጣመራሉ። ለም በተራው ሐን እያነበበ ወደ ግራ ይረዝማል። በመጨረሻ ጫፎቹ ሁሉ ይጋጠማሉ፤ የተበጠሰ የሚባል ክር አይቀርም።

ደረጃ 5፣ ሁለቱ መጋጠሚያዎች። አሁን ወረቀቱን አራቅ አድርጋችሁ ተመልከቱት። ሀ ከግራ በቀይ ይጀምራል፣ መሃል ላይ ወደ ታች ወርዶ ከመ ጋር ይሄዳል፣ ቀኝ ላይ ወደ ቀይ ይመለሳል። ሐ ደግሞ ከታች ይጀምራል፣ መሃል ላይ ወጥቶ ከለ ጋር ይሄዳል፣ ቀኝ ላይ ይወርዳል። ለ እና መ ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። ሀ እና ሐ የሚተላለፉት ሁለት ቦታ ላይ ነው፤ አንዱን «ግራ»፣ ሌላውን «ቀኝ» በሉት። እያንዳንዱ እንደ መስቀለኛ መንገድ ነው። አራት ክንድ አለው፤ ክሮቹ ከአንዱ ገመድ ወደ ሌላው ያለ መቆራረጥ ይሻገሩበታል። የሆሊደይ መጋጠሚያ የሚባለው ይህ ነው። በ1964 ነገሩን በሐሳብ ያፈለቀው ሮቢን ሆሊደይ እንግሊዛዊ የጄኔቲክስ ሊቅ ነበር፤ ያጠና የነበረው ደግሞ የበቆሎን አረማሞ፣ ያንን ጥቁር ዱቄት የሚያወጣ ፈንገስ ነው።

ደረጃ 6፣ መፍታት። ሁለቱ ገመዶች እንደተጠላለፉ ሊቀሩ አይችሉም። መጋጠሚያዎቹ መቆረጥ አለባቸው። አንዱን መጋጠሚያ በሁለት መንገድ መቁረጥ ይቻላል፦ ወይ የሚሻገሩትን ክሮች (ሀን እና ሐን)፣ ወይ የማይሻገሩትን (ለን እና መን)። በጣታችሁ እየተከተላችሁ ሞክሩት። ግራውንም ቀኙንም በሚሻገሩት ክሮች ላይ ብትቆርጡ የግራው ቀይ ከቀኙ ቀይ ጋር እንደገና ይገናኛል። ልውውጥ የለም፤ መሃል ላይ ትንሽ የተደባለቀ እራፊ ብቻ ይቀራል። ግራውን በሚሻገሩት፣ ቀኙን በማይሻገሩት ብትቆርጡ ግን የግራው ቀይ ከቀኙ ሰማያዊ ጋር ይቀጠላል፤ ሰማያዊውም ከቀይ ጋር። ልውውጡ ያ ነው። በወንድሜ ልጅ ደብተር ላይ ያለው ሁለተኛ ሥዕል እዚህ ላይ ነው የሚገባው።

ሳንቲም አይጣልም

እስካሁን የሳልነው በዋናው መልኩ በ1983 በአራት ተመራማሪዎች፣ በሾስታክ፣ በኦር-ዊቨር፣ በሮትስታይንና በስታል፣ የቀረበው ሐሳብ ነው። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ሁለቱ መጋጠሚያዎች በእርግጥ በእርሾ ውስጥ እንዳሉ በ1995 ታይቷል። ግን ሐሳቡ አንድ ነገር አስከትሎ ነበር። እያንዳንዱ መጋጠሚያ በዘፈቀደ የሚቆረጥ ከሆነ ግማሹ ልውውጥ፣ ግማሹ ያለ ልውውጥ መውጣት አለበት። መጻሕፍቱም እንደዚያ ጻፉት፤ እኛም እንደዚያ ለፈተና ሸመደድነው።

በ2001 በእርሾ ላይ ጊዜ እየለኩ የተሠሩ ሙከራዎች ይህን አፈረሱት። ያለ ልውውጥ የሚጠገኑት ብጣሾች ቀድመው ያልቃሉ። ሁለቱ መጋጠሚያዎች ገና ሳይፈቱ እነሱ ተዘግተዋል። ስለዚህ ከመጋጠሚያዎቹ የወጡ ሊሆኑ አይችሉም። ሌላ አጭር መንገድ አላቸው። ሀ በመ ላይ ተኝቶ ትንሽ ይጽፋል፣ ከዚያ ይላቀቅና ወደ ቤቱ ተመልሶ ከለ ጋር ይጣመራል። ደረጃ 4 ላይ ተመልሰው የሄዱ ናቸው፤ ደረጃ 5ን አላዩትም። ደረጃ 5 የደረሱት ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ልውውጥ ይሆናሉ።

ውሳኔው ስለዚህ መቁረጫው ዘንድ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ዲ-ሉፑ ላይ ነው። ጉብታው ተረጋግቶ ይቆያል ወይስ ይፈርሳል? የሚቆዩትን የሚይዙላቸው ፕሮቲኖች አሉ። አንደኞቹ እንደ ቀለበት ገመዶቹን አቅፈው ይይዟቸዋል። መጨረሻ ላይ የሚቆርጠው ኤምኤልኤች1 እና ኤምኤልኤች3 ጥምረት ደግሞ ሁለቱን መጋጠሚያዎች ሁልጊዜ በተለያየ መንገድ ስለሚቆርጥ ውጤቱ ልውውጥ ነው።

በ2025 የተጨመረ አንድ ነገር አለ። በእርሾ ላይ በተሠራ ጥናት፣ ከተመራማሪዎቹ አንዱ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የሚሠራው ኒል ሀንተር ነው፣ መጋጠሚያዎቹ ከተሠሩ በኋላም ጠባቂ እንደሚያስፈልጋቸው ታየ። በሴሏ ውስጥ መጋጠሚያዎችን ሳይቆርጥ የሚያሟሟ ሌላ ማሽን አለ። በሰው ላይ የዚህ ማሽን ዋና ፕሮቲን ቢኤልኤም ይባላል። ሁለቱን መጋጠሚያዎች እርስ በርስ እየገፋ አገናኝቶ ይፈታቸዋል፤ ልውውጥ ሳይተው። ለሌሎች የሰውነታችን ሴሎች ይህ ጥሩ ነው፤ እዚያ ልውውጥ አይፈለግም። በሚዮሲስ ግን ጠባቂዎቹ ክሮሞዞሞቹን ካጣመረው መዋቅር ጋር ተያይዘው ማሽኑን ያርቁታል። ጠባቂዎቹን ስታነሳቸው ማሽኑ ገብቶ ያሟሟቸዋል።

ቁጥሩ ምን ያህል ነው? በሰው ላይ በአንዲት ሴል ውስጥ ሁለት መቶና ከዚያ በላይ ብጣሽ ይደረጋል። በወንድ ወደ 50 ያህሉ፣ በሴት ወደ 70 ያህሉ ልውውጥ ይሆናሉ። የቀረው በአጭሩ መንገድ ይጠገናል። ይህ ብክነት ይመስላል። ግን ሌሎቹ ብጣሾች ሥራ አልፈቱም፤ አቻ ክሮሞዞሞች እርስ በርስ የሚተዋወቁት በነሱ ፍለጋ ነው።

ቋጠሮው ምኑን ያስራል?

መምህራን ልውውጥ «ለብዝኃነት» ነው ብለው ያስተምራሉ። ልክ ነው። ለራሷ ለእንቁላሏ ግን ከዚያ የቀደመ ጉዳይ አለ። ሁለቱ አቻ ክሮሞዞሞች አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ በሥርዓት እንዲሄዱ እስከ መለያያቸው ድረስ መታሰር አለባቸው። ግራ የሚያጋባ ይመስላል፤ ለመለያየት መታሰር ምን ይሉታል? ገመድ ጉተታን አስቡት። ገመዱ ከሌለ ሁለቱ ቡድኖች መጎተታቸውን ማን ያውቃል? ሴሏም ክሮሞዞሞቹ በትክክል ከሁለት አቅጣጫ መያዛቸውን የምታውቀው ሲወጠሩ ነው። ውጥረት እንዲኖር ደግሞ የሚያያይዝ ነገር ያስፈልጋል።

የሚያያይዘው ልውውጡ ነው፤ ግን ብቻውን አይደለም። እህትማማች ገመዶችን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቅፎ የሚይዝ ኮሂሲን የሚባል ቀለበት አለ። አንድ ቀይ ገመድ ከአንድ ሰማያዊ ጋር ጫፉን ሲለዋወጥ፣ ከልውውጡ ወዲያ ያለው ቁራጭ አሁንም ከቀድሞ እህቱ ጋር በኮሂሲን ታቅፏል። ሁለቱ ክሮሞዞሞች የማይላቀቁት በዚህ ነው። ኮሂሲኑ ከሌለ ልውውጡ ተንሸራቶ በጫፍ በኩል ይወጣል፤ ልክ መጨረሻው ያልታሰረ ክር መርፌ ውስጥ እንደሚያልፈው።

አሁን ያን ያዙልኝ ያልኩትን ጊዜ አምጡት። ኮሂሲኑም የሚደረደረው በፅንስነት ነው። እንቁላሏ አርባ ዓመት ስትጠብቅ ቀለበቶቹም አርባ ዓመት ይጠብቃሉ። በእንስሳት ላይ እንደታየው ጊዜ በሄደ ቁጥር ይሳሳሉ፤ የጠፋውም በበቂ አይተካም።

21ኛው ክሮሞዞም ላይ

21ኛው ክሮሞዞም ትንሽ ነው። ረጅም ክንዱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ልውውጥ ብቻ ይሆናል። ትልልቆቹ ሁለት ሦስት ስላላቸው አንዱ ቢቀር ሌላው ይይዛል። ለዚህኛው ግን አንዱ ከቀረ ምንም የለውም። ልውውጥ የሌላቸው ሁለት 21ኛ ክሮሞዞሞች የትም ሊሄዱ ይችላሉ፤ ሁለቱም ወደ አንድ ጎን ሊሄዱም ይችላሉ። እንቁላሏ ሁለት ይዛ ከቀረች፣ ከአባት አንድ ሲጨመር ሦስት ይሆናል። ዳውን ሲንድረም የሚመጣው ከዚህ ነው። ከ10 እንዲህ ካሉ ጉዳዮች በ9ኙ ገደማ ትርፉ ክሮሞዞም የእናት ነው።

ልውውጥ መቅረቱ እንዴት ይታወቃል? እንቁላሏ የለችም፤ ልጁ ግን አለ። ዲኤንኤው ያወራል። ምሳሌ ልስጥ፤ ቁጥሮቹ የእኔ ናቸው፣ ዘዴው ግን የላብራቶሪው ነው። በክሮሞዞሙ ላይ ከመሃል ማያያዣው፣ ከሴንትሮሜር፣ እስከ ጫፉ አራት ምልክት ቦታዎች እንምረጥ። በእያንዳንዱ ቦታ አጭር ጽሑፍ ይደጋገማል፤ ድግግሞሹ ከክሮሞዞም ክሮሞዞም ይለያያል። የእናትየዋ ቀይ ክሮሞዞም 12፣ 9፣ 17፣ 11 ይላል። ሰማያዊው 15፣ 10፣ 14፣ 13። የአባትየውን ለይተን እናወጣና ልጁ ከእናቱ ያገኛቸውን ሁለት ክሮሞዞሞች እናነባለን።

መጀመሪያ ለሴንትሮሜር የቀረበውን ቦታ እናያለን። ልጁ 12 እና 15 ካለው ቀዩም ሰማያዊውም መጥተዋል፤ ስለዚህ አቻዎቹ በመጀመሪያው ክፍፍል ሳይለያዩ ቀርተዋል። 12 እና 12 ካለው ደግሞ ችግሩ የታየው በሁለተኛው፣ እህትማማቾች በሚለያዩበት ክፍፍል ነው። የእኛ ልጅ 12 እና 15 ነው እንበል። ቀጥለን ወደ ጫፉ እንሄዳለን። ሁለተኛው ቦታ 9 እና 10፤ አሁንም ሁለቱም አሉ። ሦስተኛው 17 እና 17። አራተኛው 11 እና 11። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል አንዱ ገመድ ከሰማያዊ ወደ ቀይ ተሻግሯል ማለት ነው። ልውውጡ እዚያ ነበር። አራቱም ቦታ እስከ ጫፍ ሁለቱንም ቁጥር ይዘው ቢቀጥሉ ግን ልውውጥ አልታየም እንላለን።

«አልታየም» እና «አልነበረም» አንድ አይደሉም። ከአራቱ ገመዶች የተለዋወጡት ሁለት ብቻ ስለሆኑ ልጁ ጋ የደረሱት ሁለቱ ያልተለዋወጡት ሊሆኑ ይችላሉ። ወይም ሁለቱም የተለዋወጡት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያኔም ምልክቶቹ ምንም ያልሆነ ይመስላሉ። አንድ ልውውጥ ኖሮ በግማሹ ጊዜ ይደበቃል። ተመራማሪዎች ይህን በስሌት ያስተካክላሉ። ተስተካክሎም በእናት የመጀመሪያ ክፍፍል ከተፈጠሩት የሦስት 21 ጉዳዮች 40 ከመቶ በላይ የሚሆኑት ያለ ምንም ልውውጥ የቀሩ ናቸው። ይህ ከመደበኛው በጣም ይበልጣል። ሌሎቹ ውስጥም አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል፤ ልውውጡ አለ፣ ግን በጣም ወደ ጫፉ ተገፍቷል። ከዚያ ወዲያ የሚያቅፈው ኮሂሲን ጥቂት ስለሆነ ቋጠሮው ደካማ ነው።

አሁን ዕድሜን ጨምሩበት። እናቲቱ 25 ዓመቷ ሲሆን ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ የመውለድ ዕድሉ ከ1,000 ከ1 ያነሰ ነው። 40 ሲሞላት ወደ 100 ለ1 ይጠጋል። የልውውጡ ቁጥር በመሃል አልተቀየረም፤ የተወሰነው እሷ ሳትወለድ ነው። የተቀየረው የያዘው ነገር ነው። ያለ ልውውጥ የቀረ ጥንድ በ20 ዓመትም በ40 ዓመትም ለአደጋ የተጋለጠ ነው። ደህና ቋጠሮ ያለው ግን ወጣት ሳለች በደንብ ይለያል፤ ዕድሜ ሲገፋ ነው የሚላላው።

ይህን የምጽፈው አንድ ምክንያት ስላለኝም ነው። በየሰፈሩ «ምን በልታ ነው?»፣ «ምን ከብዷት አንስታ ነው?» የምትባል እናት አለች። ብጣሹና ጥገናው ሲጀመር እሷ ራሷ የአንድ እጅ መዳፍ የማታክል ፅንስ ነበረች።

የወንድሜ ልጅ ይሄን ሲሰማ ቀና አለ። «ቆይ፣ የእኔ እንቁላልስ?» አለ። አሰላነው። እናቱ የተወለደችው ሰኔ 1974 ዓ.ም. ደሴ ነው። ብጣሹ ስለዚህ ከኅዳር መጨረሻ ወዲህ፣ ከግንቦት በፊት። አያቱ ያኔ እሷን አርግዛ ገበያ ትወጣ ነበር። በአባቱ በኩል ያለውንም አሰላነው፤ ያ ደግሞ ከመፀነሱ ጥቂት ሳምንታት በፊት ብቻ ነው፣ በ1999። እስክሪብቶውን አንስቶ ደረጃ 2 ላይ፣ ከቀዩ መስመር ብጣሽ አጠገብ «1974፣ ደሴ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ለአባቱ ሌላ ገጽ ገለጠ።